ሳይናገር የሚያስብ ፊት



ዛሬ የምናገረው ስለ ስድስት ሰከንድ ነው። በእነዚህ ስድስት ሰከንዶች ውስጥ አንድ ልጅ አባቱ ፊት ቆሞ ይፈራል፣ ያስታውሳል፣ ያሰላል፣ በመጨረሻም ለመዋሸት ይወስናል። እስከ መጨረሻው ድረስ አንድ ቃል አይናገርም፤ እጁንም አያነሳም። ተመልካቹ ግን ሁሉንም ያውቃል። የሚያውቀው ከሦስት ነገር ነው፦ ከዓይን ቆቡ፣ ከብሌኑ ውርወራና ከቅንድቡ። የእኛ የአኒሜተሮች ሥራ እነዚህን ሦስቱን በትክክለኛው ቅደም ተከተል ማንቀሳቀስ፣ ከዚያም ይበልጥ በትክክለኛው ቦታ ላይ ማቆም ነው። ዛሬ የምሟገትለት ነጥብ ይኸው ነው፤ ሐሳብ የሚነበበው ዓይን ሲንቀሳቀስ ሳይሆን በሁለት እንቅስቃሴዎች መካከል ባረፈበት ጊዜ ነው።

አፍ የሌለው ገጸ ባሕርይ ማሰቡን ማሳየት ይችላል ወይ ብሎ የሚጠይቅ ካለ፣ በብሪስቶል የሚገኘው የአርድማን ስቱዲዮ በጭቃ ቅርጽ የሠራውን ግሮሚት የተባለውን ውሻ ይመልከት። ኒክ ፓርክ በ1989 ለሕዝብ ባቀረበው በመጀመሪያው ፊልም ውሻው እንዲናገር አስቦ ነበር። ሥራው ሲጀመር ግን ቅንድቡን ትንሽ ከፍ ዝቅ ማድረጉ ንግግሩን ሁሉ እንደሚተካ አየና ድምፁን ተወው። ግሮሚት ዛሬም አፍ የለውም፤ ጌታው አንድ ሞኝ ሐሳብ ሲያመጣ ምን እንደተሰማው ግን ሕፃናት እንኳ አይስቱትም።

አስቀድሜ እውነተኛው ዓይን እንዴት እንደሚሠራ ላስረዳ፤ የጀማሪ ሥራ የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ላይ ነውና።

ዓይናችን ከአንድ ነገር ወደ ሌላ ነገር ሲሄድ አይንሸራተትም፤ ይዘላል። ትልልቆቹ ዝላዮች በሰከንድ ብዙ መቶ ዲግሪ የሚሆን ፍጥነት አላቸው። ዝላዩ ራሱ ከአንድ ሰከንድ አሥረኛ እጅ ብዙም አይርቅም፤ ብዙዎቹ እንዲያውም ከዚያ ያጥራሉ። ፊልም በሰከንድ 24 ፍሬም ነውና በእኛ ሒሳብ ይህ ሁለት ፍሬም፣ ሲበዛ ሦስት ፍሬም ማለት ነው። ከዝላዩ በኋላ ዓይን ያርፋል። በዚያ ዕረፍት ያያል፣ ይረዳል፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው ይዘላል። በዝላዩ ጊዜ አእምሯችን የሚመጣውን ምስል ያፍነዋል፤ መስታወት ፊት ቆማችሁ ከአንዱ ዓይናችሁ ወደ ሌላው ብትመለከቱ የራሳችሁን ዓይን ሲንቀሳቀስ በፍጹም አታዩትም። ዓይን ሳይዘል በእርጋታ የሚንሸራተተው በዋነኛነት የሚንቀሳቀስ ነገር ሲከተል ነው፤ የምትበር ወፍን ወይም የሚያልፍ መኪናን። ስለዚህ አንድ ገጸ ባሕርይ ከበር ወደ መስኮት ሲመለከት ብሌኑን በአሥራ ሁለት ፍሬም ቀስ አድርጋችሁ ብታንሸራትቱት፣ ተመልካቹ ምክንያቱን ባያውቅም አንድ ነገር ይሰማዋል፤ ገጸ ባሕርዩ ወይ ሰክሯል፣ ወይ አሻንጉሊት ነው።

ኮምፒውተር ላይ ይህ ስህተት ሳይታወቅ ይገባል። በአንድ ፍሬም ላይ ዓይኑን ወደ በሩ አድርጋችሁ ቁልፍ ትይዛላችሁ፤ ከሃያ ፍሬም በኋላ ወደ ወለሉ አድርጋችሁ ሌላ ቁልፍ ትይዛላችሁ። ሶፍትዌሩ በመሃል ያለውን ክፍተት ራሱ ይሞላዋል፤ ዓይኑም ሃያውን ፍሬም ሙሉ ሲንፏቀቅ ይቆያል። መድኃኒቱ ቀላል ነው። ዓይኑ የሚያርፍበትን ቦታ በሁለት እኩል ቁልፎች እሰሩት፤ አንዱ ዕረፍቱ ሲጀምር፣ ሌላው ዝላዩ ሊጀምር ሲል። ብሌንደር ላይ ከሆናችሁ Graph Editor ከፍታችሁ በእነዚህ ሁለት ቁልፎች መካከል ያለው መስመር ፍጹም ጠፍጣፋ መሆኑን አረጋግጡ። በጥቂቱ እንኳ ጎብጦ ከታየ ዓይኑ ያረፈ መስሎ እየተንሸራተተ ነው።

ሌላም አለ፤ የላይኛው የዓይን ቆብ የዓይኑ ጥላ ነው። ዓይን ወደ ታች ሲወርድ ቆቡ አብሮ ይወርዳል፣ ወደ ላይ ሲወጣ አብሮ ይወጣል። በተረጋጋ ፊት ላይ ቆቡ የጥቁሩን ክፍል የላይኛውን ጠርዝ ትንሽ ሸፍኖ ይቀመጣል። ብሌኑ ወርዶ ቆቡ ካልወረደ ከጥቁሩ በላይ ነጩ ይወጣል፤ ነጩ በላይ በኩል ሲታይ ደግሞ ተመልካች የሚያነበው ድንጋጤን ነው። ወለሉን በሰላም የሚያይ ልጅ መሳል ፈልጋችሁ የተሸበረ ልጅ የምታገኙት በዚህ ምክንያት ነው።

አሁን ወደ ማርገብገብ እንምጣ። ትልቅ ሰው ሥራ ፈትቶ ሲቀመጥ በደቂቃ ከ15 እስከ 20 ጊዜ ያህል ዓይኑን ያረገበግባል። ሲያነብና ትኩረቱን ሰብስቦ ሲመለከት ቁጥሩ ይቀንሳል። ይህን ያወቁ አንዳንዶች በየሦስት ሰከንዱ አንድ ማርገብገብ ያስገባሉ። እንዲህ የተሠራ ፊት ሕይወት ያለው ይመስላል፤ የሚያስብ ግን አይመስልም። ዓይኗን ለማርጠብ ብቻ የምታረገበግብ ልጅ ምንም ነገር አልነገረችንም።

ስለዚህ ጉዳይ ከሁሉ በላይ የጠቀመኝ አኒሜተር አይደለም፤ የፊልም አርታዒው ዋልተር መርች ነው። መርች በ1974 የወጣውን «ዘ ኮንቨርሴሽን» የተባለውን ፊልም ሲያርትዕ፣ ምስሉን ለመቁረጥ የመረጠው ቦታ ዋናው ተዋናይ ጂን ሃክማን ዓይኑን ካረገበገበበት ቦታ ጋር ደጋግሞ እንደሚገጥም አስተዋለ። ከዚያ ተነስቶ የደረሰበት ሐሳብ ሰው የሚያረገበግበው አንድ ሐሳብ ጨርሶ ወደ ሌላ ሲሻገር ነው የሚል ነው። እኛ ደግሞ ገልብጠን ልንጠቀምበት እንችላለን፤ ገጸ ባሕርያችን ሐሳቡን በቀየረበት ቦታ ላይ እናስረገበግበው፤ በሐሳቡ ውስጥ ባለበት ጊዜ ግን ዓይኑን ክፍት እንተወው። የተዋጠ፣ የጓጓ፣ የፈራ ወይም አውቆ የሚያፈጥ ሰው አያረገበግብም።

የተለመደው የማርገብገብ ልክ ይህ ነው፦ ቆቡ በሁለት ፍሬም ይወርዳል፣ አንድ ፍሬም ተዘግቶ ይቆያል፣ በሦስት ወይም በአራት ፍሬም ይከፈታል። መውረዱ ፈጣን፣ መነሣቱ ዘገምተኛ ነው። መውረዱና መነሣቱ እኩል ከሆኑ ፊቱ ላይ የመጋረጃ ስሜት ይመጣል። ቀስ ብሎ ወርዶ ትንሽ የሚቆይ ቆብ ሌላ ነገር ይናገራል፤ ድካምን፣ ሐዘንን፣ ወይም ከባድ ውሳኔን። ገጸ ባሕርዩ ትልልቅ ዓይኖች ያሉት ከሆነ ቆቡ የሚሄደው መንገድ ይረዝማልና አንድ ሁለት ፍሬም ጨምሩለት።

አሁን ወደ ልጁ እንሂድ። ማሙሽ እንበለው፤ የአሥር ዓመት ልጅ ነው። አባቱ ብር ሰጥቶ ስኳር ሊያስገዛው ወደ ሱቅ ልኮታል። ስኳሩን አምጥቷል፤ መልሱን ግን መንገድ ላይ ለጓደኛው አበድሯል። አባቱ መዳፉን ዘርግቶ «መልሱስ?» ይላል። ሾቱ 144 ፍሬም ነው፤ ካሜራው የማሙሽ ፊት ላይ ነው።

ሾቱ ሲጀምር ማሙሽ የሚያየው የአባቱን ፊት ሳይሆን የተዘረጋውን መዳፍ ነው። ጥያቄው በ12ኛው ፍሬም ያልቃል። ከዚያ እስከ 18ኛው ፍሬም ምንም አይሆንም። ጆሮ የሰማውን አእምሮ እስኪቀበል ሩብ ሰከንድ ያህል ይወስዳልና ይህችን ክፍተት ፈጽሞ አትዝለሏት፤ ፊቱ ከጥያቄው ጋር እኩል ከተለወጠ ልጁ ጥያቄውን አስቀድሞ ያውቀው ነበር ማለት ነው። በ18ኛው ፍሬም ቆቡ መውረድ ይጀምራል፣ በ20ኛው ይዘጋል፣ በ25ኛው ተከፍቶ ያልቃል። ጥያቄው ገባ።

በ30ኛው ፍሬም ብሌኑ ወደ ታች፣ ወደ ራሱ ኪስ ይወረወራል። በ32ኛው ይደርስና እስከ 46ኛው ያርፋል። ኪሱ ባዶ ነው። ፍርሃቱ የሚመጣው እዚህ ነው፤ ነገር ግን ቅንድቡ ከዓይኑ ጋር አብሮ አይንቀሳቀስም። በ34ኛው ፍሬም፣ ዓይኑ ባዶውን ኪስ ካየ በኋላ፣ የሁለቱ ቅንድቦች የውስጥ ጫፍ መነሣት ይጀምርና በ40ኛው ይደርሳል። መጀመሪያ ያያል፣ ቀጥሎ ይሰማዋል። ይህ ቅደም ተከተል ከተገለበጠ፣ ፍርሃቱ ከየት እንደመጣ ተመልካቹ ማወቅ አይችልም።

በ46ኛው ፍሬም ዓይኑ ወደ በሩ ይወረወራል፤ ጓደኛው የሄደበት አቅጣጫ ነው። አሥር ፍሬም ያህል ብቻ ይቆያል። ጭንቅላቱ ከዓይኑ በኋላ በ50ኛው ፍሬም ትንሽ ይከተላል። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ጭንቅላቱ በሚዞርበት ጊዜ ብሌኑ በሩን እንደያዘ መቅረት አለበት። ዓይኑ ከጭንቅላቱ ጋር ታስሮ ከሆነ አብሮ ይዞርና ከበሩ አልፎ ግድግዳውን ያያል።

በ58ኛው ፍሬም ዓይኑ ወደ ወለሉ ይመለሳል። አሁን ቅንድቡ ይወርድና ወደ መሃል ይሰበሰባል፤ ልጁ ግንባሩን ይቋጥራል። እያሰላ ነው። ወለሉ ላይ ሁለት ትንንሽ ውርወራዎች ብቻ አሉት፤ ሦስቱ ዕረፍቶች ግን እኩል አይደሉም፤ የመጀመሪያው 9 ፍሬም፣ ሁለተኛው 4፣ ሦስተኛው 13 ፍሬም ይቆያሉ። ሦስቱም እኩል ቢሆኑ ዓይኑ የሰዓት ቆጣሪ ይመስላል። ርቀታቸውም ትንሽ ነው፤ ልጁ ወለሉን አይመረምርም፣ በውስጡ ያለውን ነው የሚመረምረው።

ከ90ኛው እስከ 108ኛው ፍሬም ድረስ ሁሉም ይቆማል። ብሌኑ አይንቀሳቀስም፣ ቆቡ አይወርድም፣ ቅንድቡ እንደተቋጠረ ነው። ትንፋሹ ብቻ ትከሻውን በጥቂቱ ያነሣዋል። ይህ ከአንድ ሰከንድ ሦስት አራተኛ የሚሆን ጊዜ የሾቱ ልብ ነው፤ ማሙሽ የሚወስነው እዚህ ነው። ወጣት አኒሜተሮች ይህን ቦታ ባዶ ያዩትና ተጨማሪ ውርወራ ይሞሉበታል። ከሞሉበት በኋላ ልጁ ተቅበዝባዥ እንጂ የወሰነ ልጅ አይሆንም።

በ108ኛው ፍሬም ዘገም ያለ ማርገብገብ ይመጣል። ቆቡ በሦስት ፍሬም ይወርዳል፣ ሁለት ፍሬም ተዘግቶ ይቆያል፣ በአምስት ፍሬም ይከፈታል። በተዘጋበት ጊዜ ብሌኑን ወደ አባቱ ፊት እናዞረዋለን። ሲከፈት የተቋጠረው ግንባር ተፈቷል፣ ዓይኑም ቀጥ ብሎ አባቱን ያያል። በ126ኛው ፍሬም አፉ ይከፈታል፤ «ጠፋብኝ» ይላል። እስከ መጨረሻው አያረገበግብም፤ ቆቡም ከተለመደው ቦታ በጣም ጥቂት ከፍ ብሎ ይቆያል።

ይህን ሾት ለመፈተን አንድ ነገር ብቻ ለውጡና እዩ። የመጨረሻውን ማርገብገብ ከ108ኛው ፍሬም አንስታችሁ «ጠፋብኝ» ካለ በኋላ አድርጉት። ቃሉ ያው ነው፣ ድምፁ ያው ነው፤ ልጁ ግን ሌላ ሆነ። አሁን የምናየው ውሸቱን ተናግሮ አባቱ ማመን አለማመኑን የሚጠብቅ ልጅ ነው። ሁለቱም ጥሩ ናቸው፤ ታሪኩ የሚፈልገው የትኛውን እንደሆነ ማወቅ ግን የእናንተ ፈንታ ነው።

ስለ ቅንድብ ጥቂት ልጨምር። ጀማሪዎች ቅንድብን እንደ አንድ ዱላ ያነሡታል ያወርዱታል። የእውነተኛው ቅንድብ የውስጥ ጫፍና የውጭ ጫፍ ግን ለየብቻ ይንቀሳቀሳሉ። ፖል ኤክማንና ዋላስ ፍሪሰን በ1978 ባወጡት የፊት እንቅስቃሴ መለያ ሥርዓት ውስጥ የውስጥ ጫፍ መነሣት አንድ ቁጥር፣ የውጭ ጫፍ መነሣት ሌላ ቁጥር፣ መውረድና መሰብሰብ ሦስተኛ ቁጥር አላቸው። ብዙ የኮምፒውተር ገጸ ባሕርያት መቆጣጠሪያቸው የሚሠራው ይህን መለያየት ተከትሎ ነው። ከሦስቱ በጣም ውድ የሆነው የውስጥ ጫፍ ብቻውን መነሣቱ ነው። ቻርልስ ዳርዊን በ1872 ስለ ስሜት አገላለጽ ባሳተመው መጽሐፍ ይህን እንቅስቃሴ ከሐዘንና ከጭንቀት ጋር አያይዞታል፤ አስቦ ሊያደርገው የሚችል ሰውም ጥቂት ነው ብሏል። ስለዚህ ፊት ላይ ሲታይ እናምነዋለን። ማሙሽ ባዶ ኪሱን ሲያይ የመረጥነው ይኸው ነው። ሁለቱን ቅንድቦች በአንድ ፍሬምና በአንድ ልክ አታንሷቸው፤ አንዱ ትንሽ ይቅደም፣ ወይም ትንሽ ከፍ ይበል። ፍጥነታቸውንም ከዓይን ጋር አታመሳስሉት፤ ዓይን በሁለት ፍሬም ሲዘል ቅንድብ ከአራት እስከ ስምንት ፍሬም ይፈልጋል።

አሁን በውጭ አገር መጻሕፍት የማታገኙትን ልንገራችሁ። በእነዚያ መጻሕፍት ዓይኑን የሚሰብር ገጸ ባሕርይ አፍሯል ወይም እየዋሸ ነው። በእኛ ቤት ግን ልጅ አባቱ ሲያናግረው ዓይኑን ዝቅ የሚያደርገው አክብሮት ስላለው ነው። ማሙሽ በሾቱ መጀመሪያ መዳፉን እንጂ ፊቱን ያላየው ለዚህ ነው፤ እስካሁን ምንም አልዋሸም። ውሸቱን የሚያሳብቅበት በተቃራኒው ቀና ብሎ አባቱ ላይ ማፍጠጡ ነው። እንዲህ ያለ ልጅ በአባቱ ዓይን ውስጥ ዓይኑን ሲተክል የአገራችን ተመልካች ወዲያው ይጠረጥራል። ይኸው ሾት ሌላ አገር ቢታይ ብዙዎች ልጁ እውነት ተናገረ ብለው ሊያነቡት ይችላሉ። ስለዚህ ዓይን ወዴት እንደሚያይ ከመወሰናችን በፊት የሚያየው ማን እንደሆነና የሚታየው ማን እንደሆነ መጠየቅ አለብን።

ሌላው ምሳሌ ትንፋሽን ወደ ውስጥ ሳብ አድርገን «አዎ» የምንልበት መንገድ ነው። ትንፋሹ ሲሳብ ቅንድቡ ከፍ ይላል፣ ጭንቅላቱም ትንሽ ይነሣል። እንግዳ ሰው ይህን እንደ ድንጋጤ ያነበዋል። አንድ ገጸ ባሕርይ በአማርኛ እያወራች «አዎ» ለማለት ራሷን ሦስት ጊዜ ወደ ታች ስትነቀንቅ ሳይ፣ የተሠራችው ከሌላ አገር ሰው ቪዲዮ እንደሆነ አውቃለሁ። ይህንን ለመሥራት ቅንድቡ በሦስት ፍሬም ይነሣ፣ ሁለት ሦስት ፍሬም ይቆይ፣ ቀስ ብሎ ይውረድ። የላይኛው ቆብ ግን ከቅንድቡ ጋር አይነሣ። ቆቡ አብሮ ከተነሣ ነጩ ይወጣና በእርግጥም ድንጋጤ ይሆናል።

በዚሁ አጋጣሚ አንድ የተስፋፋ እምነት ላንሣ። ወደ ላይ ወደ አንድ ጎን የሚያይ ሰው ይዋሻል፣ ወደ ሌላው ጎን የሚያይ ያስታውሳል ይባላል። ይህ በ2012 በታተመ ጥናት ተፈትኖ ድጋፍ አላገኘም። እውነት የሆነው ሌላ ነው፤ ሰው ከባድ ነገር ሲያስብ ከሚያናግረው ሰው ፊት ዓይኑን ያነሣል፤ ወዴት እንደሚያነሣው ግን ሕግ የለውም። እናንተ አቅጣጫውን ከታሪኩ ምረጡ፤ ማሙሽ በሩን ያየው ገንዘቡ በዚያ ስለሄደ ነው።

ሥራችሁን ስትጨርሱ ድምፁን አጥፉና የገጸ ባሕርዩን አፍ በወረቀት ሸፍኑት። ታሪኩን ለማያውቅ ሰው አሳዩት። «ጥሩ ነው ወይ?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ «ልጁ ምን እያሰበ ነው?» በሉት። «ፈርቷል» ካለ ሥራው ገና ነው፤ ስሜቱን እንጂ ሐሳቡን አላየም። «የሆነ ነገር ጎድሎበታል፣ ምን ልበል እያለ ነው፣ አሁን ወሰነ» ካለ ግን ሾቱ አልቋል። ካላለ ደግሞ ከመጨመራችሁ በፊት ቀንሱ። እውነተኛ ዓይን በሰከንድ ሦስት አራት ጊዜ ይዘላል፤ ያን ሁሉ ብትገለብጡት ስክሪኑ ላይ ጫጫታ ይሆናል። ሐሳብ የሌለበትን ውርወራ ሁሉ አውጡና የቀሩት እንዲያርፉ ጊዜ ስጧቸው።

ለወጣቶቹ አንድ ነገር እለምናለሁ። ለፊት እንቅስቃሴ መነሻ የሚሆናችሁን ቪዲዮ ከውጭ ፊልም አትውሰዱ። እናታችሁን፣ ጎረቤታችሁን፣ ታናሽ ወንድማችሁን አስፈቅዳችሁ በስልካችሁ ቅረጹ፤ እየተናገሩ ሳይሆን እየሰሙ ቅረጿቸው። ከዚያ ፍሬም በፍሬም እያስኬዳችሁ ዓይኑ የት እንዳረፈና ስንት ፍሬም እንደቆየ በወረቀት ላይ ጻፉ። የአገራችን ሰው ሲያስብ ፊቱ ምን እንደሚመስል ጽፎ ያስቀመጠልን ሰው አላውቅም፤ እናንተ ጀምሩት።